ዋጋውን ልጠይቅ ወይስ ልጠብቅ?

በገበያ ዋጋ ላይ ተመርኩዞ የሚሠራ ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣት ባለሙያዎች ደጋግመው የሚያነሡልኝ ጥያቄ አለ፦ «ሰርቨሩን በየሰከንዱ እየጠየቅኩ ነው፤ ወደ ዌብሶኬት ልዙር?» መልስ ከመስጠቴ በፊት እኔም አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። በዚህ ዋጋ የምትወስኑት ነገር ምንድን ነው? ዋጋው ስንት ሰከንድ ሲቆይ ነው ውሳኔያችሁ የሚበላሸው? ብዙዎቹ ይህን ቁጥር አስበውት አያውቁም። ቁጥሩ ሳይታወቅ ደግሞ ከሁለቱ መንገዶች የትኛው እንደሚሻል መናገር አይቻልም።

መንገዶቹ በአጭሩ እነዚህ ናቸው። በፖሊንግ እኛ እንጠይቃለን፣ ሰርቨሩ ይመልሳል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ እንጠይቃለን። በስትሪም አንድ ጊዜ ተመዝግበን መስመሩን ክፍት እናደርጋለን፤ ዋጋው በተለወጠ ቁጥር ሰርቨሩ ራሱ ይልክልናል። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ በፍጥነት ይገለጻል፤ እኔ ግን ዋናው ልዩነት ዝምታው የሚኖረው ትርጉም ይመስለኛል። መርካቶ ላለ ነጋዴ እየደወልን የቡና ዋጋ የምንጠይቅ ከሆነ ስልኩ ሳይነሣ ሲቀር ችግር መኖሩን ወዲያው እናውቃለን። «ዋጋ ሲለወጥ እኔ እደውላለሁ» ብሎን ከሆነ ግን ስልኩ ዝም ሲል ዋጋው አልተለወጠም ይሁን መስመሩ ተቋርጦ የምናውቅበት መንገድ የለም። ፖሊንግ ሲበላሽ ስሕተቱን ይናገራል። ስትሪም ሲበላሽ ዝም ይላል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ ልዩነት የሚነሣ ነው።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት የባይናንስን የስፖት ገበያ እወስዳለሁ። የመረጥኩት ለመገበያየት ለማበረታታት ሳይሆን የዋጋ መረጃው ያለ ምዝገባና ያለ ቁልፍ የሚገኝ ስለሆነ፣ ሁለቱም መንገዶች ጎን ለጎን ስላሉና ሰነዱ ግልጽ ስለሆነ ነው። በሌሎች የአክሲዮን ወይም የምንዛሪ ገበያዎች ቁጥሮቹ ይለያያሉ፤ አሠራሩ ግን ተመሳሳይ ነው።

እንበልና 40 የገንዘብ ጥንዶችን እየተከታተለ፣ አንድ ተጠቃሚ ያስቀመጠው ዋጋ ሲነካ በቴሌግራም መልእክት የሚልክ አገልግሎት እየሠራችሁ ነው። ተጠቃሚው መልእክቱን አይቶ ስልኩን እስኪከፍት ግማሽ ደቂቃ ይፈጅበታል። ስለዚህ መልእክቱ በ10 ሰከንድ ቢዘገይ የሚጎዳው የለም። ጨርሶ ካልደረሰ ግን አገልግሎቱ አልሠራም ማለት ነው።

መጀመሪያ የዋጋውን ዕድሜ እናስላ። በየ10 ሰከንዱ የምንጠይቅ ከሆነ በእጃችን ያለው ዋጋ ገና እንደደረሰ የኔትወርኩን ጉዞ ያህል፣ ቀጣዩ ሊመጣ ሲል ደግሞ በዚያ ላይ 10 ሰከንድ ያህል የቆየ ይሆናል። በአማካይ 5 ሰከንድና የመንገዱ ጊዜ ነው። የመንገዱን ጊዜ ግን ብዙ ሰው ሳያስበው ሦስት እጥፍ ያደርገዋል። ወደ ሰርቨሩ ደርሶ መልስ 250 ሚሊሰከንድ ይፈጃል ብንል፣ በየጥያቄው አዲስ ግንኙነት የሚከፍት ፕሮግራም ለቲሲፒ አንድ፣ ለምስጠራው አንድ፣ ለጥያቄው አንድ ደርሶ መልስ ይከፍላል፤ በድምሩ 750 ሚሊሰከንድ። ግንኙነቱን ክፍት አድርጎ የሚያቆይ ፕሮግራም ግን ከመጀመሪያው ጥያቄ በኋላ 250 ብቻ ነው የሚከፍለው። በፓይተን `requests.get` እያሉ ከመደጋገም አንድ `requests.Session()` ከፍቶ በእርሱ መጠየቅ ይህን ይፈታል። «ፖሊንግ ቀርፋፋ ነው» ከሚሉ ቅሬታዎች ብዙዎቹ በዚህች አንድ መስመር ይቀልላሉ።

ቀጥሎ ያለው ገደቡ ነው። ባይናንስ ጥያቄን በቁጥር ሳይሆን በክብደት ይለካል፤ በአንድ የአይፒ አድራሻ በደቂቃ 6000 ክብደት ይፈቅዳል። እስከ እ.ኤ.አ. 2023 ድረስ 1200 ነበር፤ ወደፊትም ሊለወጥ ስለሚችል `/api/v3/exchangeInfo` ላይ ያለውን `rateLimits` ማየት ይገባል። የአንድ ጥንድ ምርጥ የመግዣና የመሸጫ ዋጋ መጠየቅ ክብደቱ 2 ነው። 40ዎቹን አንድ በአንድ በየሰከንዱ ብትጠይቁ በዙር 80፣ በደቂቃ 4800 ይሆናል፤ ለገደቡ በጣም የቀረበ ነው። አርባዎቹን በአንድ ጥያቄ ብትጠይቁ ግን የጥያቄው ክብደት 4 ብቻ ነው፤ በየሰከንዱ ቢሆን እንኳ በደቂቃ 240።

```
GET /api/v3/ticker/bookTicker?symbols=["BTCUSDT","ETHUSDT"]
```

ቅንፎቹና ጥቅሶቹ በአድራሻው ውስጥ ሲገቡ ወደ ዩአርኤል ኮድ ተለውጠው መላክ አለባቸው፤ አብዛኞቹ ላይብረሪዎች ይህን በራሳቸው ይሠራሉ። ከ4800 ወደ 240 መውረድ ማለት ገደቡን በመፍራት ወደ ስትሪም ለመሸሽ የነበረው ምክንያት ጠፋ ማለት ነው።

ገደቡ በአይፒ መሆኑን ግን አትርሱ። በአንድ ቢሮ ራውተር ሥር ያሉ ሦስት ባልደረቦች እያንዳንዳቸው የሙከራ ፕሮግራም ቢያስነሡ ከአንድ ኮታ ነው የሚቀነስላቸው። ከየምላሹ ጋር የሚመጣው `X-MBX-USED-WEIGHT-1M` የሚባለው ሄደር በዚያ ደቂቃ የተጠቀማችሁትን ይነግራችኋል፤ በሎግ ላይ መዝግቡት። ገደቡ ሲታለፍ 429 ይመጣል። ያኔ `Retry-After` የሚለውን ሰከንድ ያህል ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። 429 እየመጣ መጠየቅ ከቀጠለ 418 ይመጣል፤ ይህ አድራሻው መታገዱን የሚያሳውቅ ሲሆን እገዳው ከ2 ደቂቃ ጀምሮ ጥፋቱ ሲደጋገም እስከ 3 ቀን ይረዝማል። ስሕተት በመጣ ቁጥር ወዲያው ደግሞ የሚጠይቅ ኮድ ወደዚህ እገዳ ቀጥታ የሚወስድ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ፖሊንግ እውነተኛ ድክመት እንምጣ። አንድ ተጠቃሚ «ቢትኮይን 60000 ሲነካ ንገሩኝ» ብሏል። ዋጋው 60010 ደርሶ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ወደ 59950 ተመለሰ። እኛ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ስለጠየቅን ሁለቱንም ጊዜ ያየነው ከ60000 በታች ነው። ተጠቃሚው ቻርቱን ሲከፍት ዋጋው መነካቱን ያያል፤ መልእክት ግን አልደረሰውም። ወደ ስትሪም ለመዞር ይህ ጥሩ ምክንያት ይመስላል። ሆኖም ከዚያ በፊት የምንጠይቀውን ነገር መለወጥ ይቻላል። የአሁኑን ዋጋ ሳይሆን ባለፉት ሰከንዶች የነበረውን ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ እንጠይቅ።

```
GET /api/v3/klines?symbol=BTCUSDT&interval=1s&limit=15
```

ይህ የመጨረሻዎቹን 15 የአንድ ሰከንድ ሻማዎች ይመልሳል፤ በእያንዳንዱ ረድፍ ከዜሮ ሲቆጠር በ2ኛው ቦታ ከፍተኛው፣ በ3ኛው ዝቅተኛው ዋጋ አለ። በየ10 ሰከንዱ እየጠየቅን 15 ሰከንድ የምንወስደው ሁለቱ ዙሮች እንዲደራረቡና በመካከል ክፍተት እንዳይኖር ነው። አሁን መነካቱን ዘግይተን እናውቅ ይሆናል እንጂ አያመልጠንም። የአንድ ደቂቃ ሻማ መውሰድም ይቻላል፤ ነገር ግን ተጠቃሚው ማሳሰቢያውን በደቂቃው አጋማሽ ካስቀመጠና ዋጋው የተነካው ከዚያ በፊት ከሆነ የሐሰት መልእክት ይደርሰዋል። በሰከንድ ሻማ ግን ማሳሰቢያው ከተቀመጠበት ሰከንድ በፊት ያሉትን ረድፎች መዝለል ስለሚቻል ይህ ችግር ይቀራል።

ሒሳቡ አይከብድም፤ የዚህ ጥያቄ ክብደት 2 ስለሆነ 40 ጥንድ በዙር 80፣ በደቂቃ ስድስት ዙር ስለሆነ 480 ነው። ከተፈቀደው 8 በመቶ።

ሌላም ጥቅም አለው፤ መብራትና ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚሠራ ሰው ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። አንድ ጥያቄ እስከ 1000 ሻማ ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ ማሽኑ ለአሥር ደቂቃ ጠፍቶ ቢነሣ፣ በ`startTime` ካቆመበት ሰከንድ ጀምሮ፣ `limit` የሚለውን 1000 አድርጎ ጠይቆ ያመለጠውን ሁሉ ለየጥንዱ በአንድ ጥያቄ ይሞላል፤ 16 ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ መሄድ ይችላል ማለት ነው። በስትሪም ብትሠሩ ኖሮ ግንኙነቱ ሲመለስ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ያለው ዋጋ ብቻ ነው። በመካከሉ ያለፈውን ለማግኘት ያው ይህንኑ አድራሻ መጠየቃችሁ አይቀርም።

ለእንዲህ ያለ የማሳሰቢያ አገልግሎት የእኔ ምክር ስለዚህ ፖሊንግ ነው። ለባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋም እንዲሁ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ባንኮች ዋጋቸውን በየቀኑ ያወጣሉ፤ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ሊለወጥ ለሚችል ቁጥር ክፍት መስመር መያዝ ትርጉም የለውም። በየሩብ ሰዓቱ መጠየቅ ይበቃል።

ፖሊንግ የማይበቃበት ቦታ ግን በእርግጥ አለ። ያው አገልግሎታችሁ ለደንበኞቹ ቁርጥ ዋጋ መስጠት ጀመረ እንበል፦ ደንበኛው «ግዛ» የሚለውን ሲነካ በስክሪኑ ላይ ባየው ዋጋ ይስተናገዳል። እዚህ ላይ ዋጋችሁ በአማካይ ጥቂት ሰከንድ ብቻ የቆየ መሆኑ አያጽናናም። ምክንያቱም ደንበኛው የሚነካው በአማካይ ጊዜ አይደለም። እውነተኛውን ዋጋ በሌላ ስክሪን የሚያይ ሰው የእናንተ ዋጋ ወደ ኋላ የቀረበትን ቅጽበት መርጦ ነው የሚገዛው። ገበያው ሲረጋጋ ማንም አይመጣም፤ ገበያው በድንገት ከፍ ሲል ሁሉም በአሮጌው ዋጋ ይገዛሉ። ስለዚህ ኪሳራው የሚለካው በአማካዩ ዕድሜ ሳይሆን በትልቁ ዕድሜና በዚያች ቅጽበት ዋጋው በተንቀሳቀሰበት ልክ ነው። ዋጋ ሰጥቶ በዚያው መገደድ ሲመጣ ስትሪም ግዴታ ይሆናል።

```
wss://stream.binance.com:9443/stream?streams=btcusdt@bookTicker/ethusdt@bookTicker
```

የጥንዶቹ ስም እዚህ ላይ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። ይህ ስትሪም ምርጡ የመግዣ ወይም የመሸጫ ዋጋ ወይም መጠኑ በተለወጠ ቁጥር ይልካል። ለመክፈት ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሥራው የሚጀምረው ከተከፈተ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የዝምታውን ትርጉም ማወቅ ነው። መካከል ላይ ያለ ራውተር ሲጠፋ ወይም ግንኙነቱን ከመዝገቡ ሲሰርዝ ለእናንተ የሚደርስ ማስታወቂያ የለም። የሚያዳምጥ ብቻ፣ ምንም የማይልክ ፕሮግራም መስመሩ መሞቱን ሳያውቅ ይቀመጣል። ሊኑክስ ጸጥ ያለ የቲሲፒ ግንኙነትን በራሱ መፈተሽ የሚጀምረው፣ ያውም ፕሮግራሙ ይህን ካበራው፣ በነባሪ ቅንብሩ ከ7200 ሰከንድ ማለትም ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ባይናንስ በየ20 ሰከንዱ ፒንግ ይልካል፤ ላይብረሪው ፖንግ ብሎ ይመልሳል፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መልስ ካላገኘ እነርሱ ይዘጉታል። ያ ግን የእነርሱ ጥበቃ ነው። እናንተም የራሳችሁን ፒንግ መላክ አለባችሁ። የፓይተኑ `websockets` ላይብረሪ በነባሪ በየ20 ሰከንዱ ፒንግ ልኮ ለመልሱ 20 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ሞትን ለማወቅ እስከ 40 ሰከንድ ሊፈጅበት ይችላል። ለቁርጥ ዋጋ ይህ በጣም ረጅም ነው።

የምመክረው ዘዴ ሥራ የሚበዛበትን ጥንድ ምስክር ማድረግ ነው። ብዙም የማይገበያዩበት ጥንድ ለአንድ ደቂቃ ዝም ቢል ጤነኛ ሊሆን ይችላል። BTCUSDT ግን ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳል፤ በአንድ ግንኙነት ላይ እርሱ ለ3 ሰከንድ ዝም ካለ መስመሩን ጠርጥሩና በዚያ መስመር የመጡትን ዋጋዎች ሁሉ እንዳረጁ ቁጠሩ።

ሁለተኛው አደጋ ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ምክንያቱም መልእክቶቹ እየመጡ ነው። ገበያው ሲናጥ በሰከንድ የሚደርሱት መልእክቶች በድንገት ይበዛሉ። ፕሮግራማችሁ እያንዳንዱን ተቀብሎ፣ ዳታቤዝ ላይ ጽፎ፣ ከዚያ ቀጣዩን የሚያነብ ከሆነ ማንበቡ ከመምጣቱ ያንሳል። ያልተነበቡት ወረፋ ይይዛሉ፤ እናንተ የምታነቡት ከወረፋው ፊት ያለውን አሮጌውን ነው። ስክሪኑ ይንቀሳቀሳል፣ ቁጥሮቹ ይለዋወጣሉ፣ ስሕተት የለም፤ የምታዩት ግን ከደቂቃ በፊት የነበረው ገበያ ነው። መፍትሔው አንባቢውን ከሠራተኛው መለየት ነው። አንባቢው የመጨረሻውን ዋጋ ብቻ አስቀምጦ ወዲያው ወደ ማንበብ ይመለስ፤ የቀረው ክፍል በራሱ ፍጥነት ከዚያ ይውሰድ።

```python
latest = {}

async def read(ws):
    async for raw in ws:
        d = json.loads(raw)["data"]
        latest[d["s"]] = (d, time.monotonic())
```

ለዋጋ መስጫ የሚያስፈልገው የመጨረሻው ብቻ ስለሆነ በመካከል ያሉትን መጣል ምንም አያጎድልም። ዳሩ ግን እዚህ የመዘገብነው ጊዜ መልእክቱን ያነበብንበት እንጂ የተላከበት አይደለም፤ ወረፋ ካለ ያታልለናል። የስፖቱ `bookTicker` መልእክት ደግሞ የተላከበትን ሰዓት አይዝም። ስለዚህ በዚያው ግንኙነት ላይ `btcusdt@trade` የሚለውንም ጨምሩ፤ በውስጡ `E` የሚባል በሚሊሰከንድ የተጻፈ ሰዓት አለ። በማሽናችሁ ሰዓትና በ`E` መካከል ያለውን ልዩነት በግራፍ ተከታተሉ። ልዩነቱ ቀን ሙሉ 200 ሚሊሰከንድ አካባቢ ቆይቶ ገበያው ሲሞቅ ወደ ብዙ ሺህ የሚወጣ ከሆነ ወረፋ አለባችሁ። ሁለቱን የመልእክት ዓይነቶች አንባቢው ለይቶ ያስቀምጥ እንጂ አንዱ ሌላውን አይደምስስ። የማሽኑ ሰዓትም በኤንቲፒ የተስተካከለ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ አለበለዚያ ልዩነቱ ስለ ሰዓታችሁ እንጂ ስለ ስትሪሙ አይነግራችሁም።

ሦስተኛው መቋረጥና መመለስ ነው። ይህ ግንኙነት 24 ሰዓት ሲሞላው ይዘጋል፤ ይህ ብልሽት አይደለም፣ ሰነዱ ላይ የተጻፈ ደንብ ነው። ስለዚህ ከ23 ሰዓት በኋላ አዲስ ግንኙነት ክፈቱ፣ ዋጋ መምጣቱን አይታችሁ ከዚያ አሮጌውን ዝጉ። ሳይታሰብ ሲቋረጥ ደግሞ መልሶ ለመገናኘት የሚደረገው ሙከራ በአንድ፣ በሁለት፣ በአራት ሰከንድ እየተራራቀ፣ ትንሽ የዘፈቀደ ጊዜም እየተጨመረበት ይሂድ። በአንድ አይፒ በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚፈቀደው 300 ሙከራ ነው፤ ያለ እረፍት የሚሞክር ኮድ ይህን ቶሎ ይጨርሰዋል።

እንደተመለሳችሁ ጸጥ ያለው ጥንድ እስኪንቀሳቀስ ድረስ ዋጋ የላችሁም። ስለዚህ በጥያቄ ማምጣት ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ረቂቅ ስሕተት አለ። የጠየቃችሁት መልስ በመንገድ ላይ ሳለ ከስትሪሙ አዲስ ዋጋ ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ የዘገየው መልስ መጥቶ አዲሱን በአሮጌው ይሸፍነዋል። ስለዚህ `ticker/bookTicker` ከመጠየቅ `/api/v3/depth?symbol=BTCUSDT&limit=5` ብትጠይቁ ይሻላል። ክብደቱ 5 ነው፤ ሆኖም `lastUpdateId` ይዞ ይመጣል። በስትሪሙ መልእክት ውስጥ ካለው `u` ጋር አወዳድሩትና ትልቁን ያዙ፤ ያነሰ ቁጥር ይዞ የመጣ ዋጋ በፍጹም የበለጠውን አይተካ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ፖሊንጉን አትጣሉት። ስትሪሙ በሚሠራበት ጊዜም በየ10 ሰከንዱ አርባዎቹን ጥንዶች በዚያች ክብደቷ 4 በሆነች ጥያቄ አምጡና በ`latest` ውስጥ ካለው ጋር አወዳድሩ። በሁለቱ መካከል ጥቃቅን ልዩነት ይኖራል፤ በተለያየ ቅጽበት ስለተነሡ ነው። ልዩነቱ በተከታታይ ሦስት ዙር ወደ አንድ አቅጣጫ ካዘነበለ ግን ስትሪሙን ዝጉና እንደገና ክፈቱ። ዋጋ የሚሰጠው ኮድም ዕድሜውን ሳያይ ዋጋ አይስጥ፦ ግንኙነቱ የምስክሩን ፈተና ካላለፈ «ዋጋ ለጊዜው የለም» ይበል። ለአምስት ሰከንድ ሽያጭ ማቆም በአሮጌ ዋጋ ከመሸጥ እጅግ ይረክሳል።

ወደ ሥራ ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ፈተና አድርጉ። ገመድ መንቀል አይበቃም፤ ገመድ ሲነቀል ማሽኑ ወዲያው ያውቃልና። የሚያስፈልገው ጸጥ ያለ ሞት ነው። ስትሪሙ በ9443፣ ጥያቄዎቹ በ443 ስለሚሄዱ አንዱን ብቻ መዝጋት ይቻላል።

```
sudo iptables -I INPUT -p tcp --sport 9443 -j DROP
```

ሰዓት ያዙ። በ3 ሰከንድ ውስጥ ዋጋ መስጠት መቆም አለበት። ስክሪኑ በፖሊንግ የመጣውን ዋጋ እያሳየ መዘግየቱን በግልጽ መጻፍ አለበት፤ የቴሌግራም ማሳሰቢያዎቹ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ መቀጠል አለባቸው። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ያንኑ ትእዛዝ `-I` የሚለውን በ`-D` ተክታችሁ አስኬዱና ስትሪሙ ያለ ሰው እርዳታ መመለሱን፣ የመጀመሪያው ዋጋ ከመሰጠቱ በፊትም የ`lastUpdateId` ማወዳደሪያው መሠራቱን በሎጉ ላይ ተመልከቱ።